ዜሮ ረድፍ ወጣ ማለት ቬክተሮቹ ጥገኛ ናቸው ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ኮምቦልቻ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ (1, 2, -1, 3)፣ (2, 5, 1, 4) እና (1, 4, 5, 0) ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ካልኩሌተር አይፈቀድም። መጀመሪያ አንዱ የሌላው ብዜት አለመሆኑን አየሁ። ከዚያ ለማረጋገጥ ብዬ በዓምድ ደርድሬ ሳቀልለው አንድ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ሆነ። ዲፔንደንት ናቸው ብዬ ጻፍኩ፣ ኤክስ ሆነብኝ። ጓደኛዬ በረድፍ ደርድሮ ምንም ዜሮ ረድፍ አላገኘም፣ እሱ ራይት አገኘ። ስሌቴን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት የለውም። ትክክለኛው አደራደር የቱ ነው? ዲተርሚናንት ብጠቀም አይሻለኝም ነበር?»

ምላሽ፦

ስሌትሽ ልክ ነው። የጓደኛሽም ልክ ነው። መልስሽን ያበላሸው «ዲፔንደንት ናቸው» ያልሽው መደምደሚያ ነው። ዜሮ ረድፍ ስለ ቬክተሮቹ የሚናገረው ቬክተሮቹ ራሳቸው ረድፍ ሆነው ሲጻፉ ነው። አንቺ ዓምድ አድርገሽ ጽፈሻቸዋል። ያኔ መታየት ያለበት ረድፉ ሳይሆን ዓምዱ ነው።

ወረቀትሽን ልብ ብለሽ እዪው። ሦስት ቬክተር በዓምድ ሲደረደር፣ እያንዳንዱም አራት ቁጥር ስላለው፣ አራት ረድፍና ሦስት ዓምድ ያለው ማትሪክስ ይወጣል። ከቀለለ በኋላ በእያንዳንዱ ረድፍ ከግራ መጀመሪያ የሚገኘውን ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ፒቮት እንለዋለን። አንድ ዓምድ ከአንድ በላይ ፒቮት ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ቢበዛ ሦስት ፒቮት ታገኛለሽ። ረድፉ ግን አራት ነው። ቢያንስ አንዱ ረድፍ ፒቮት አጥቶ ዜሮ መሆኑ ግድ ነው። ያንቺን ቬክተሮች ትተሽ የፈለግሽውን ሦስት ቬክተር ከአራት ቁጥር ጋር ብታመጪም ያ ዜሮ ረድፍ ይወጣል። ሁልጊዜ የሚወጣ ነገር ደግሞ ነጻውን ከጥገኛው ሊለይልሽ አይችልም።

ከዚህ በኋላ ኢንዲፔንደንት የሚለውን «ነጻ»፣ ዲፔንደንት የሚለውን «ጥገኛ» እያልኩ እሄዳለሁ። አጭር ነው፣ ትርጉሙንም በደንብ ይዞታል።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት የመጀመሪያ እርምጃሽን ላርም። አንዱ የሌላው ብዜት አለመሆኑን ማየት የሚበቃው ቬክተሮቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ነው። ሦስት ከሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ደሴ ሰኞ ገበያ ሦስት ሰዎች ከአንድ ነጋዴ ሲገዙ አስቢ። የመጀመሪያዋ 1 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ድንችና 1 ኪሎ ቲማቲም ገዝታ 190 ብር ከፈለች። ሁለተኛው 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ ድንችና 3 ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ 310 ብር ከፈለ። ሦስተኛዋ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ ድንችና 4 ኪሎ ቲማቲም ገዛች። ስንት ከፈለች? የአንዱንም ዋጋ ሳታውቂ 500 ብር ብለሽ ትመልሻለሽ፤ የሁለቱ ድምር ነዋ። የሦስተኛዋ ሂሳብ ምንም አዲስ ወሬ አላመጣም። ግን (3, 3, 4) የ(1, 2, 1)ም የ(2, 1, 3)ም ብዜት አይደለም። ሁለት ሁለት እያደረግሽ ብታወዳድሪ ጥገኝነቱን ፈጽሞ አታዪውም።

ጥገኛ ማለት ይህ ነው፦ ከቬክተሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ተሠርቶ ሊገኝ ሲችል። በፎርሙላ ሲጻፍ፣ ሁሉም ዜሮ ያልሆኑ ቁጥሮች c1፣ c2፣ c3 ተገኝተው c1·v1 + c2·v2 + c3·v3 = 0 ከሆነ ጥገኛ ናቸው። «ሁሉም ዜሮ ያልሆኑ» ስል ቢያንስ አንዱ ከዜሮ የተለየ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ በየዓመቱ የማየው አንድ ስህተት አለ። ተማሪው ሦስቱንም c ዜሮ ያደርግና «እኩልታው ሠራ፣ ስለዚህ ነጻ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱንም ዜሮ ካደረግሽ እኩልታው ለማንኛውም ቬክተር ይሠራል። ነጻ ለማለት ከዚያ ሌላ መፍትሔ እንደሌለ ማሳየት አለብሽ።

አሁን በእጅ እንሥራው። እኔ የምመክረው የጓደኛሽን አደራደር ነው፣ ግን ሁለት ነገር ተጨምሮበት። በግራ በኩል እያንዳንዱ ረድፍ ከየትኞቹ ቬክተሮች እንደተሠራ እንጽፋለን። በቀኝ በኩል ደግሞ የረድፉን ድምር እንጽፋለን። ሁለቱም ለምን እንደሚጠቅሙ ወዲያው ታዪዋለሽ።

```
v1 :  1   2  -1   3  |   5
v2 :  2   5   1   4  |  12
v3 :  1   4   5   0  |  10
```

የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ከ1 በታች ያሉትን ማጥፋት ነው። ከሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ቀንሺ። ከሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን አንዴ ቀንሺ። የድምሩን ዓምድም እንደማንኛውም ቁጥር አብረሽ ቀንሺው፤ 12 ሲቀነስ 10፣ 2። 10 ሲቀነስ 5፣ 5።

```
v1       :  1   2  -1   3  |  5
v2 - 2v1 :  0   1   3  -2  |  2
v3 - v1  :  0   2   6  -3  |  5
```

አሁን ቆም በይና አረጋግጪ። የሁለተኛው ረድፍ ቁጥሮች 0 + 1 + 3 - 2 ሲደመሩ 2 ናቸው። በቀኝ ያለውም 2 ነው። የሦስተኛው 0 + 2 + 6 - 3 ሲደመር 5 ነው። በቀኝም 5። ገጥሟል፣ እንቀጥል። ከሦስተኛው የሁለተኛውን ሁለት እጥፍ እንቀንሳለን።

```
v1             :  1   2  -1   3  |  5
v2 - 2v1       :  0   1   3  -2  |  2
v3 - 2v2 + 3v1 :  0   0   0   1  |  1
```

ሦስቱም ረድፎች ከዜሮ የተለየ ቁጥር አላቸው። የእያንዳንዱ መጀመሪያም ከላዩ ካለው ወደ ቀኝ ገባ ብሏል። ስለዚህ ሦስቱ ቬክተሮች ነጻ ናቸው። የመጨረሻው ፒቮት አንድ ዓምድ ዘሎ አራተኛው ላይ መቀመጡ አያስጨንቅሽ። ፒቮት ዓምድ መዝለል ይችላል። አንዳንድ ተማሪ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ፒቮት ሲያጣ ይደነግጥና የተሳሳተ መስሎት ይሰርዘዋል።

አሁን አንዲት ቁጥር ብቻ እንቀይር። የሦስተኛው ቬክተር መጨረሻ 0 መሆኑ ቀርቶ -1 ይሁን። ስሌቱ አንድም እርምጃ አይለወጥም። የመጨረሻው ረድፍ ግን 0 0 0 0 ሆኖ ይወጣል። በግራ የጻፍነው ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ የሆነው ረድፍ ስሙ v3 - 2v2 + 3v1 ነው። ያ ማለት 3v1 - 2v2 + v3 = 0 ነው። ጥገኛ መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተያያዙም አገኘሽ፣ ሌላ እኩልታ ሳትፈቺ። ወደ ቬክተሮቹ መልሰሽ አስገቢው፦ (3, 6, -3, 9) እና (-4, -10, -2, -8) እና (1, 4, 5, -1)። ደምሪያቸው። አራቱም ዜሮ ይመጣሉ። ከዚህ በኋላ ጥገኛ አይደሉም ብሎ የሚከራከርሽ አይኖርም።

እነዚህም ቢሆኑ አንዱ የሌላው ብዜት አይደሉም። በፈተናሽ ላይ የተጠቀምሽበት የብዜት መንገድ ለ0ውም ለ-1ውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥሻል። መልሳቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ወደ አንቺ አደራደር እንመለስ። በዓምድ ደርድረሽ፣ ዜሮውን ረድፍ ወደ ታች አውርደሽ የደረስሽበት ይህ መሆን አለበት፦

```
1  2  1
0  1  2
0  0  1
0  0  0
```

ዓምዶቹን ቁጠሪ። የመጀመሪያው ፒቮት አለው። ሁለተኛውም አለው። ሦስተኛውም አለው። ሦስቱም ስላላቸው ነጻ ናቸው። የታችኛው ዜሮ ረድፍ 0c1 + 0c2 + 0c3 = 0 የሚል እኩልታ ነው። እውነት ነው፣ ግን ስለ c1ም ስለ c2ም ስለ c3ም ምንም አይነግርሽም። መጨረሻው -1 በነበረበት ጊዜ ቢሆን ከሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው 1 ይጠፋና ሦስተኛው ዓምድ ያለ ፒቮት ይቀራል። ያኔ c3 ልቅ ይሆናል፤ 1 ነው ብትዪ c2 = -2 እና c1 = 3 ይወጣል። ከላይ በግራ በኩል ካነበብነው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም አደራደር ትክክል ነው። የሚለየው የሚነበብበት ቦታ ነው። ቬክተሮቹ ረድፍ ከሆኑ ዜሮ ረድፍ ፈልጊ፣ ካለ ጥገኛ ናቸው። ቬክተሮቹ ዓምድ ከሆኑ ፒቮት ያጣ ዓምድ ፈልጊ፣ ካለ ጥገኛ ናቸው። ገና ስትጀምሪ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ቬክተር = ረድፍ» ወይም «ቬክተር = ዓምድ» ብለሽ ጻፊ። ግማሽ መንገድ ላይ የትኛው እንደነበር የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ በዓምድ ደርድሮ የጀመረ ልጅ፣ ገጹን ገልብጦ ሲቀጥል እንደ ረድፍ ሲያነበው አይቻለሁ። ስሌቱ ንጹሕ ነበር፣ መልሱ ግን ተገልብጧል።

ለእጅ ሥራ ረድፉን የመረጥኩት ለሁለት ምክንያት ነው። ቬክተሩን ከጥያቄው ላይ እንዳለ ወደ ጎን ትገለብጪዋለሽ፣ ስለዚህ በመገልበጥ አትሳሳቺም። ደግሞም ዝምድናው በግራ በኩል ራሱ ይጻፋል። ዓምዱን የምትመርጪው ጥያቄው «ከእነዚህ መካከል ቤዚስ የሚሆኑትን ምረጪ» ሲል ነው። ያኔ ፒቮት ያለባቸው ዓምዶች የትኞቹን ቬክተሮች እንደምትይዢ ይጠቁሙሻል። ተጠንቀቂ ታዲያ፦ የምትጽፊው መጀመሪያ የተሰጡሽን ቬክተሮች ነው፣ ከቀለለው ማትሪክስ ላይ ያሉትን ዓምዶች አይደለም። ረድፍ ማቅለል የዓምዶቹን ዝምድና ይጠብቃል፣ ዓምዶቹን ግን ይቀይራቸዋል።

አሁን ወደ ዲተርሚናንት። እዚህ ጥያቄ ላይ ዲተርሚናንት የሚባል ነገር የለም። ዲተርሚናንት ያለው የረድፍና የዓምድ ቁጥሩ እኩል ለሆነ ማትሪክስ ብቻ ነው። ያንቺ በረድፍ ሲደረደር ሦስት በአራት ነው። «እኩል እንዲሆን አንድ የዜሮ ረድፍ ልጨምርበት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ጣዪው። ዜሮ ረድፍ ያለበት ማትሪክስ ዲተርሚናንቱ ምንጊዜም ዜሮ ነው። ራስሽ ባስገባሽው ዜሮ ራስሽ ጥገኛ ናቸው ትያለሽ።

ሌላው የሚሞከረው አንዱን ቁጥር ከሦስቱም ቬክተሮች ቆርጦ ሦስት በሦስት ማድረግ ነው። ይህ በግማሽ ይሠራል። ግማሹን ማወቅ ያስፈልጋል። አራተኛውን ቁጥር ብትቆርጪ (1, 2, -1)፣ (2, 5, 1) እና (1, 4, 5) ይቀራሉ። ዲተርሚናንታቸው ዜሮ ነው። ቬክተሮችሽ ግን ነጻ ናቸው! የሚለያቸው ነገር ያለው አንቺ በቆረጥሽው ቁጥር ውስጥ ነበር። አሁን ደግሞ ሦስተኛውን ቁጥር ቆርጠሽ (1, 2, 3)፣ (2, 5, 4) እና (1, 4, 0) አድርጊው። 1(0 - 16) - 2(0 - 4) + 3(8 - 5) ይሆናል፤ -16 + 8 + 9፣ ማለትም 1። ዜሮ ስላልሆነ ሙሉዎቹ ቬክተሮች በእርግጠኝነት ነጻ ናቸው። እንግዲህ ቆርጠሽ ያገኘሽው ዜሮ ካልሆነ ነገሩ አለቀ። ዜሮ ከሆነ ግን ገና ምንም አላወቅሽም።

የቬክተሮቹና በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ብዛት እኩል ሲሆን፣ ለምሳሌ ሦስት ቬክተር እያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ሲኖረው፣ ዲተርሚናንት ጥሩ አቋራጭ ነው። አራት በአራት ሲደርስ ግን በእጅ አልመክርም። ሲዘረዘር 24 ብዜቶች አሉት፣ እያንዳንዳቸው የአራት ቁጥር። አንዲት የመቀነስ ምልክት ካመለጠችሽ ዜሮ መሆን የነበረበት 6 ይሆናል። ስህተቱ የት እንደሆነ የሚጠቁምሽ ምንም ነገር አይኖርም። በዚያ ላይ ዲተርሚናንት አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚልሽ። ዝምድናውን አይነግርሽም።

ከማንኛውም ስሌት በፊት ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሚታይ ነገር አለ። የቬክተሮቹ ብዛት በእያንዳንዱ ቬክተር ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ከበለጠ ጥገኛ ናቸው፣ አለቀ። አምስት ቬክተር እያንዳንዱ አራት ቁጥር ቢኖረው ምንም ማቅለል አያስፈልግም። ከመካከላቸው አንዱ ዜሮ ቬክተር ከሆነም ጥገኛ ናቸው። ግልባጩን ግን አትሞክሪው። ቬክተሮቹ ከቁጥሮቹ ማነሳቸው ነጻ አያደርጋቸውም። መጨረሻው -1 የነበረው ምሳሌያችን ሦስት ቬክተር በአራት ቁጥር ነበር፣ ጥገኛም ነበር።

በእጅ ሲሠራ ብዙ ነጥብ የሚበላው ስህተት ሁለት ረድፎችን አንዱን በሌላው በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። (1, 3) እና (2, 5) ይዘሻል እንበል። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ቀነስሽ፣ (-1, -2)። በዚያው ትንፋሽ ከሁለተኛው የድሮውን የመጀመሪያ ቀነስሽ፣ (1, 2)። ሁለቱን ደምሪያቸው፣ ዜሮ ይሆናሉ። ጥገኛ ናቸው ብለሽ ትጽፊያለሽ። የመጀመሪያዎቹ ግን ነጻ ነበሩ፤ (2, 5) የ(1, 3) ብዜት አይደለም። ስህተቱ የሁለተኛውን ስትቀይሪ የድሮውን የመጀመሪያ ረድፍ መጠቀምሽ ነው። ያ ረድፍ በዚያ ሰዓት የለም፣ ተቀይሯል። ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ እርምጃ አንድ ረድፍ ይዘሽ በእሱ ሌሎቹን ቀይሪ፣ የያዝሽውን ግን አትንኪው።

ሁለተኛው ስህተት ክፍልፋይ ውስጥ መግባት ነው። መጀመሪያ ያለው ቁጥር 3 ሆኖ ከሥሩ 2 ካለ ብዙዎች ሁለት ሦስተኛ እያባዙ ይቀንሳሉ። ከዚያ በኋላ ገጹ በክፍልፋይ ይሞላል። አትግቢበት። ለምሳሌ ረድፎቹ (3, 1, 2) እና (2, 5, 1) ከሆኑ ሁለተኛውን በ3 አባዢና የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ቀንሺ፦ (0, 13, -1)። በግራ በኩል 3v2 - 2v1 ብለሽ ጻፊ። ሙሉ ቁጥር እንደሆነ ቀረ። የምትቀይሪውን ረድፍ የምታባዢበት ቁጥር ዜሮ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቂ። መጀመሪያው ላይ 1 ያለው ረድፍ ካገኘሽ ደግሞ ወደ ላይ አውጪው። ረድፍ ማለዋወጥ መልሱን አይለውጠውም፣ ስሙን ግን አብረሽ ማዛወር አትርሺ።

ክፍልፋይን በነጥብ ቁጥር መተካትማ ጭራሽ አይሆንም። (3, 1) እና (1, 1/3) ጥገኛ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሁለተኛው ሦስት እጥፍ ነው። 1/3ን 0.33 ብለሽ ከጻፍሽው ግን ሦስት እጥፉ 0.99 ነው፣ 1 አይደለም። ነጻ ናቸው የሚል መልስ ይወጣልሻል። የጠፋው በመቶ አንድ ነው፣ የተገለበጠው ግን መልሱ በሙሉ።

በቀኝ በኩል የጻፍነውን ድምር የተማርኩት ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከአንድ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ አስተማሪ ነው፣ ከሒሳብ ክፍል አይደለም። የሱቅ ደብተር ወደ ታችም ወደ ጎንም ይደመራል፣ ሁለቱ ካልገጠሙ አንድ ቦታ ተስቷል ይሉን ነበር። እዚህም ያው ነው። ረድፍ በቀየርሽ ቁጥር ደምሪና አወዳድሪ። ካልገጠመ ስህተቱ ያለው አሁን በሠራሽው ረድፍ ውስጥ ነው፣ ወደ ኋላ ሁለት ገጽ መፈለግ የለብሽም። ሁሉንም ስህተት ይይዛል ግን አልልሽም። ሁለት ቁጥሮችን ቦታ አቀያይረሽ ብትጽፊ ድምሩ አይለወጥም። አንዱን በ1 አብዝተሽ ሌላውን በ1 ብታሳንሺም አይታወቅም። ከጥያቄው ስትገለብጪ መጀመሪያውኑ ከሳትሽ ደግሞ ድምሩ የተሳሳተውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ገልብጠሽ ስትጨርሺ ቁጥር በቁጥር ከጥያቄው ጋር አንዴ አመሳክሪ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ እንደ መልሱ ይለያያል። መልስሽ ጥገኛ ከሆነ ዝምድናውን ወደ ቬክተሮቹ መልሰሽ አስገቢ፤ ዜሮ ከመጣ በምንም መንገድ አልተሳሳትሽም። መልስሽ ነጻ ከሆነ የምታስገቢው ዝምድና የለም። ያኔ ነው ቅድም ያየነው መቁረጥ የሚጠቅመው። የትኛውን ዓምድ መቁረጥ እንዳለብሽም ራሱ ማቅለሉ ይነግርሻል፦ ፒቮት የሌለበትን። በምሳሌያችን ፒቮቶቹ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ዓምድ ላይ ነበሩ። ሦስተኛውን ቆርጠን 1 ያገኘነው ለዚህ ነው።

ጥያቄሽ ላይ ባይኖርም በሚቀጥለው ፈተና መምጣቱ ስለማይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አስተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ሦስተኛውን ቬክተር (1, 4, 5, k) አድርገው፣ «k ስንት ሲሆን ጥገኛ ይሆናሉ?» ብለው ማምጣት ይወዳሉ። እርምጃው ያው ነው። መጀመሪያ k - 3 ይሆናል፣ ከዚያ -2ን ሁለት እጥፍ ስትቀንሺበት 4 ተጨምሮበት k + 1 ይሆናል። የመጨረሻው ረድፍ 0 0 0 k+1 ነው። k = -1 ሲሆን ብቻ ጥገኛ ናቸው፣ በቀሪው ሁሉ ነጻ። እዚህ የሚሠራው ስህተት ረድፉን «ለማሳመር» በk + 1 ማካፈል ነው። ካካፈልሽ 1 ይቀራል፣ k ይጠፋል፣ ሁልጊዜ ነጻ ናቸው የሚል መልስ ትጽፊያለሽ። በk + 1 ማካፈል የሚቻለው ዜሮ አለመሆኑን ካወቅሽ ነው። የተጠየቅሽው ደግሞ መቼ ዜሮ እንደሚሆን ነው።

ፈተናው ላይ እንዲህ አድርጊ። ብዛታቸውን ቁጠሪ። በረድፍ ጻፊያቸው፣ በግራ ስም በቀኝ ድምር ይኑር። በሙሉ ቁጥር አቅልዪ። መጨረሻ ላይ ወይ ዝምድናውን አስገቢ፣ ወይ ፒቮት የሌለበትን ዓምድ ቆርጠሽ ዲተርሚናንቱን አስዪ። ለሦስት ቬክተር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አስተማሪሽ c1·v1 + c2·v2 + c3·v3 = 0 ብለሽ እንድትጀምሪ በግልጽ ካዘዘ ግን በዓምድ ሥሪው፤ ያ እኩልታ ሲዘረዘር ቬክተሮቹ ዓምድ ሆነው ነው የሚቀመጡት። ያኔ ዓምድ ነው የምትቆጥሪው።

ያለፈውን ፈተና በተመለከተ፣ መልሱ ነጻ ነው። ማትሪክሱን ማቅለልሽ ግን እስከ መጨረሻው ልክ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ለእርምጃው ነጥብ መጠየቅ ትችያለሽ። ስትጠይቂ ሦስቱን ፒቮቶች ከብበሽ አሳዪ።